የብላክ ፍራይዴይ ጨረታና ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

አንድ ሰው ጎግል ላይ ጀበና ብሎ ሲፈልግ ከላይ የሚመጣለት ማስታወቂያ ቦታውን ያገኘው በቅጽበት በተካሄደ ጨረታ ነው። ነጋዴው ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር ቢበዛ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወስናል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ጨረታ በጣም ከሚጦፍባቸው ጊዜያት አንዱ ከታንክስጊቪንግ ማግስት የሚውለው የብላክ ፍራይዴይ ሰሞን ነው።

ሜሪላንድ ተቀምጣ ጀበናና ሲኒ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ዕቃው 60 ዶላር ይሸጣል፤ ወጪው ሁሉ ሲነሳ 24 ዶላር ይቀራታል። በአዘቦት ቀን ማስታወቂያውን ከነኩ 100 ሰዎች 2ቱ ቢገዙ 48 ዶላር ታገኛለች። ስለዚህ ለአንድ ንክኪ ከ48 ሳንቲም በላይ ከከፈለች ከስራለች።

በብላክ ፍራይዴይ 100 ሰው ነክቶ 4 ቢገዛስ? ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ገዢው እጥፍ ስለሆነ የጨረታ ዋጋቸውንም እጥፍ ያደርጉታል። ግን ነጋዴዋ 15 በመቶ ቅናሽ አድርጋለች፤ 9 ዶላሩ የወጣው ከትርፏ ስለሆነ የቀራት 15 ዶላር ነው። የአራቱ ትርፍ 60 ዶላር ነውና ጣሪያዋ 60 ሳንቲም ብቻ ነው።

ዋጋው በጥቂቱ ሲጨምር በጀቱ ግን በብዙ ማደግ አለበት። በአዘቦት 100 ንክኪ በ40 ሳንቲም ሲገዛ በቀን 40 ዶላር ይበቃ ነበር። ፈላጊው ሦስት እጥፍ ሆኖ ንክኪው 50 ሳንቲም ከገባ 150 ዶላር ያስፈልጋል። ጎግል በአንድ ቀን ከዕለት በጀቱ እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ 80 ዶላሩ ግን ገና ሳይመሽ ያልቃል። ምልክቱም ይኸው ነው፤ ማታ ገበያው ሞቆ ሳለ ማስታወቂያዋ አይታይም።

ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ ያሳስታል። ሰዉ ዕቃውን ያያል፣ ቅናሹን ይጠብቃል፣ አይገዛም። ጎግል ሽያጩን የሚመዘግበው ማስታወቂያው በተነካበት ቀን ስለሆነ፣ ዛሬ ባዶ የሚመስለው ቀን በኋላ ይሞላል። በዚያ ሳምንት ሪፖርት ደንግጦ በጀት መቀነስ ገበያውን ለሌላ መተው ነው።

ቀዝቃዛው ወቅት ለእሷ የሚጀምረው ጃንዋሪ ሲገባ አይደለም። ለዲሴምበር 25 የሚደርስ ዕቃ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ባለፈ ማግስት ነው። ቅናሹ ቀርቶ ትርፏ ወደ 24 ዶላር ቢመለስም፣ ከ100 አንድ ሰው ብቻ ከገዛ ጣሪያዋ 24 ሳንቲም ነው። የብላክ ፍራይዴይን ዋጋ ሳታወርድ ከረሳችው የሰበሰበችውን ትርፍ መልሳ ትከፍላለች።

ጨርሳ ግን አትዝጋው። የእኛ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው። አሜሪካዊው ገዢ ሲሄድ ሐበሻው ለበዓል ቡና ዕቃ ይፈልጋል። ለእሱ የራሱ ትንሽ በጀት ያለው ሌላ ማስታወቂያ ታውጣ፤ እሱንም ለገና የሚደርስ ዕቃ መላክ በማትችልበት ቀን ትዝጋው።