ከሃይላንዱ ጀርባ የቀሩት ጣቶች

«ጋሼ፣ ይሄ ሃይላንድ ብቻ ይውጣልኝ» አለችኝ ልጅቷ ስልኳን አስጠግታ እያሳየችኝ። ፎቶው የመልስ ዕለት የተነሣ ነው። አሁን በሕይወት የሌሉት እናቷ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ከፊታቸው ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ውሃው የተጋመሰ ሃይላንድ ቆሟል። ፎቶ ያነሣው ሰው ዝቅ ብሎ ስለነበር ጠርሙሱ ከቁመቱ በላይ ረዝሞ ሁለት ጣቶቻቸውን፣ ከጥለቱ አንድ ስንዝር ያህሉን፣ ከጎናቸው ደግሞ የሶፋውን ጠርዝና የግድግዳው የዘይት ቀለም የሚያልቅበትን መስመር ሸፍኗል።

«ብቻ» የምትለዋን ቃል በፎቶ ቤት ሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ጠርሙሱን መሰረዝ የደቂቃ ሥራ ነው። ጭንቁ ሲወጣ ትቶት የሚሄደው ቀዳዳ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኋት ሌላ ፎቶ እንዳላት ነው። ሠርግ ላይ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ አራትና አምስት ጊዜ ይነሣል፤ በአንዱ የተሸፈነው በሌላው ገልጦ ይታያል፤ ከዚያ ቆርጦ ማምጣት ከየትኛውም ጥበብ ይበልጣል። እሷ ግን የነበራት ያ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር።

ፎቶሾፕ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ `Content-Aware Fill` የሚባል መሣሪያ አለው። የመረጡለትን ቦታ ሰርዞ፣ ከዚያው ፎቶ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችን ለቅሞ ቀዳዳውን ይሞላል። ሣር ላይ የወደቀ ፌስታል ለማጥፋት ግሩም ነው። ሰውነት ላይ ግን ጣት ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ቀለም የተመሳሰለውን ሁሉ ያጋባል። ለሙከራ ስሰጠው የቀለበት ጣታቸውን ከጥለቱ ጋር አቅልጦ፣ ጉልበታቸው ላይ የግድግዳ ቁራጭ ለጠፈልኝ።

ስለዚህ ቀዳዳውን እንደ አንድ ቀዳዳ አላየውም። ግድግዳው፣ ሶፋው፣ ቀሚሱና እጁ የተደራረቡ ናቸውና ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሌየር ከፍቼ ከሩቁ ወደ ቅርቡ እሠራለሁ። ግድግዳውን ስሠራ ቀሚሱ የሌለ ያህል አሳልፌ እቀባለሁ፤ ኋላ ቀሚሱ መጥቶ ይሸፍነዋል። በጠርሙሱ ውስጥ አሻግሮ የሚታየውን ማመን ደግሞ አያስፈልግም። ውሃ የያዘ ክብ ጠርሙስ እንደ ሌንስ ስለሆነ ከጀርባው ራቅ ያለውን ነገር ግራውን ቀኝ አድርጎ ያሳያል።

የግድግዳው መስመር ቀላል ይመስላል፤ ዓይን ግን በቀጥታ መስመር ላይ ይቅርታ አያውቅም። ከጠርሙሱ በግራና በቀኝ የቀሩትን የመስመሩን ጫፎች በደማቅ ቀይ መስመር አገናኝቼ፣ አዲሱን ግድግዳ በዚያ ላይ አስተካክዬ፣ ቀዩን አጠፋሁት። የስልክ ካሜራ ዳር ዳሩ ላይ መስመርን ሊያጎብጥ ስለሚችል ቀዩም ጎበጥ ካለ ጎበጥ ይበል። ሌላው ስህተት ጥራት ነው። ግድግዳው በፎቶው ላይ ደብዘዝ ብሎ ሳለ እኔ ስል አድርጌ ከሣልኩት፣ የተጠገነው ቦታ ከሩቅ ይጮኻል።

ወደ ቀሚሱ ስመጣ ጊዜ ወሰድኩ። የጨርቅ እጥፋት ዝም ብሎ የትም አይፈጠርም፤ ጨርቁ ከሚወጠርበት ይነሣና ወደሚላላበት ይወርዳል። እኚህ ሴት ሲቀመጡ ጨርቁ የተወጠረው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከጠርሙሱ በላይ ሦስት እጥፋቶች ወደ ታች ሲወርዱ፣ ከጠርሙሱ በታች ግን ሁለት ብቻ ይታያሉ። አንዱ መሃል ላይ ሞቶ ቀርቷል ማለት ነው። የት እንደሞተ መወሰን የእኔ ነበር። ሰፊው ከላይም ከታችም ስላለ አገናኘሁት፤ ቀጭኑን ቀስ በቀስ አጠፋሁት። ብርሃኑ የሚመጣው በስተግራ ካለው መስኮት ነበርና የእያንዳንዱ እጥፋት ግራ ጎን ነጣ፣ ቀኝ ጎኑ ጠቆር አለ።

የሀገር ፈትል ሸካራነት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። `Clone Stamp` ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ ያትማል። ጀማሪዎች «ለስለስ ይበል» ብለው የብሩሹን `Opacity` ወደ 30 ከመቶ አውርደው ደጋግመው ይቀባሉ። በዚህ መንገድ የተለያዩ ክሮች እየተደራረቡ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ፤ ሽመናው ጠፍቶ ጨርቁ ፕላስቲክ ይመስላል። እኔ ጨርቁን በ100 ከመቶ አትማለሁ፤ ጥላውን ግን ለብቻው በሌላ ሌየር ላይ በስሱ እቀባለሁ። ጥለቱ ደግሞ ራሱን የሚደጋግም ጌጥ ስለሆነ ካልተሸፈነው በኩል አንዱን ሙሉ ድግግሞሽ ቀድቼ በ`Warp` በእጥፋቱ ላይ አጎበጥኩት። ጨርቁ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ ጌጡም መጥበብ አለበት። ካልጠበበ ጥለቱ ልብሱ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ይሆናል።

እጅ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሁላችንም እጅ እናውቃለን። የተሸፈኑት የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ነበሩ። ግራ እጃቸው ሙሉ በሙሉ ይታይ ስለነበር ሁለቱን ጣቶች ከዚያ ቀድቼ እንደ መስታወት ገለበጥኳቸው። የገዛ ቆዳቸውና የገዛ ጥፍራቸው ስለሆነ ከማንም እጅ ይሻላል። ሆኖም ጣት ሲገለበጥ ብርሃኑም አብሮ ይገለበጣል። መስኮቱ በግራ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ጣቶች ብቻ በቀኝ በኩል ነጥተው መጡ። ብርሃኑን በእጄ መልሼ ቀባሁ፤ አብሮ የመጣውን የጋብቻ ቀለበት አጠፋሁ፤ የጣቶቹን መነሻ አንጓዎች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀስት ላይ አሰለፍኳቸው።

እንዲያም ሆኖ ጣቶቹ ጉልበታቸው ላይ አላረፉም፤ ከጨርቁ በላይ ይንሳፈፉ ነበር። የጎደለው ጣት ጨርቅን በሚነካበት ቦታ የሚኖረው ቀጭን ጥቁር ጥላ ነው። ሁለት ሦስት ፒክስል ብቻ የሚሰፋ ነው፤ ሲገባ እጁ ከነክብደቱ ተቀመጠ።

ከዚያ ጠርሙሱ የተዋቸውን ዱካዎች ፈለግኩ። ጠርሙሱ የለም፤ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ግን ምስሉ አለ፤ ውሃው ያለፈው ብርሃንም ቀሚሱ ላይ ነጭ ጭረት ሆኖ ቀርቷል። ብዙ የተነካካ ፎቶ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሣችው «ስደተኛዋ እናት» የተባለው ዝነኛ ፎቶ ጥግ ላይ የድንኳን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበር። ከዓመታት በኋላ ከኔጋቲቩ ላይ ቢያስጠፉትም ልብ ብሎ ላየው ጥላው ዛሬም እዚያው ነው።

መጨረሻ ላይ ፎቶውን ግራ ቀኝ ገልብጬ አየሁት፤ የለመደ ዓይን ያለፈውን ያን ጊዜ ይይዛል። ጨርቁ ላይ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ሁለት ቦታ ታየኝ። ቀድቼ ማተሜን ያሳበቀው እሱ ነበርና አንዱን አጠፋሁ። የስልክ ካሜራ የሚያመጣውን ብናኝም በተጠገነው ቦታ ላይ መልሼ ነሰነስኩ።

ልጅቷ በማግስቱ መጣች። ስክሪኑን አይታ ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ቀኝ እጃቸው አስጠግታ «እማዬ ትንሿ ጣቷ ቀጥ አትልም ነበር» አለች። በልጅነታቸው ተሰብራ ጠማማ ሆና ነው የዳነችው። ግራ እጃቸው ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። የራሷን ጣት አጥፋ ምን ያህል እንደነበር አሳየችኝ፤ እኔም `Warp` ከፍቼ፣ «እስከዚህ ነው?» እያልኩ፣ ከላይኛው አንጓ ጀምሮ ወደ ውስጥ አጎበጥኩት። ሦስተኛው ላይ «በቃ፣ እሷ ናት» አለች።