«አማካዩ 6 ደቂቃ ነው» ሲባል የሚሸጠው ምንድን ነው?

በዩቲዩብ ቻናሎች ማስታወቂያ ማስነገር የሚፈልግ ነጋዴ ከቻናሉ ባለቤት ጋር ለድርድር ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይቀርቡለታል። አንደኛው ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደታየ ይገልጻል። ሁለተኛው ተመልካቹ በአማካይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ያሳያል። የመጀመሪያውን ነጋዴው መጠራጠር ለምዷል፤ ሁለተኛው ግን የጥራት ምስክር ወረቀት ይመስል ሳይመረመር ያልፋል።

ይህ ቁጥር በዩቲዩብ ስቱዲዮ ገጽ Average view duration ተብሎ የሚነበበው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በጠቅላላው የታየው ደቂቃ ለዕይታው ብዛት ይካፈላል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮዎችን ለተመልካች የሚመርጥበትን ስልት ከጠቅታ ብዛት ይልቅ በታየው ጊዜ ላይ እንዲያተኩር ካደረገ ወዲህ፣ የቆይታ ጊዜ በአዘጋጆች ዘንድ ትልቅ ክብደት አግኝቷል። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ነገር ግን ቪዲዮው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አይናገርም፤ ሰዎች የት ላይ ጥለው እንደወጡም አያሳይም።

አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ሁለት አማራጭ ቀረበለት እንበል። አንዱ ቻናል የ40 ደቂቃ ቃለ ምልልስ የሚያሳይ ሲሆን አማካይ ቆይታው 6 ደቂቃ ነው። ሌላው የ5 ደቂቃ የምግብ አሠራር የሚያቀርብ ሲሆን አማካዩ 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ነው። ሁለቱም ቪዲዮዎች 10,000 ጊዜ ይታያሉ፤ ሁለቱም ለአንድ ማስታወቂያ 30,000 ብር ይጠይቃሉ። ነጋዴው ሁለቱን አማካዮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃለ ምልልሱን ቢመርጥ የሚፈርድበት አይኖርም። ከእጥፍ በላይ ይበልጣልና።

ወደ ርዝመቱ ስንመለስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ40 ደቂቃው 6 ደቂቃ ማለት 15 በመቶ ነው። ከ5 ደቂቃው 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ደግሞ 55 በመቶ ነው። ይህንን ድርሻ ዩቲዩብ ራሱ Average percentage viewed በሚል ስም አስልቶ ያቀርበዋል።

አማካዩን ወደ ሰዎች ብንመነዝረው ይበልጥ ይገባናል። ከቃለ ምልልሱ 1,000 ዕይታዎች ውስጥ 600ዎቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ፣ በአማካይ በግማሽ ደቂቃ ጥለው ቢወጡ የሚገኘው 300 ደቂቃ ነው። 300ዎቹ ከ3ኛው እስከ 11ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ እየተንጠባጠቡ ቢወጡና በአማካይ 7 ደቂቃ ቢቆዩ 2,100 ደቂቃ ይሆናል። የቀሩት 100ዎቹ 36 ደቂቃ ያህል ቢያዩ 3,600 ደቂቃ ይመጣል። ድምሩ 6,000 ደቂቃ፣ አማካዩም ልክ 6 ደቂቃ ነው። ይሁን እንጂ ከ1,000ው ውስጥ አብዛኛው ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወጥቷል። ስድስቱን ደቂቃ የፈጠሩት በዋናነት እስከ መጨረሻው አካባቢ የጸኑት ጥቂቶች ናቸው።

ማስታወቂያው በ20ኛው ደቂቃ ላይ ቢገባ የሚያገኘው ከ1,000 ዕይታ 100ውን ብቻ ነው። በ10,000 ዕይታ 1,000 ማለት ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ የሚከፈለው 30 ብር ነው። ያው ማስታወቂያ በዚያው ቪዲዮ 2ኛ ደቂቃ ላይ ቢገባ 4,000 ዕይታ ያገኛል፤ ዋጋውም ወደ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይወርዳል። አማካዩ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተገዛው ዕቃ ግን በአራት እጥፍ ይለያያል።

በምግብ አሠራሩ ቪዲዮ በኩል ደግሞ ከ1,000 ዕይታ 200ው በ15 ሴኮንድ ገደማ ወጡ፣ 400ው ከ1ኛው እስከ 3ኛው ደቂቃ ድረስ በእኩል ፍጥነት ቀነሱ፣ 400ው ደግሞ ወደ መጨረሻው ተጠጉ እንበል። በ2ኛው ደቂቃ ላይ 600 ያህሉ አሉ። ነጋዴው የሚከፍለው ለአንድ ዕይታ 5 ብር ነው። በአማካይ ደቂቃ የተሸነፈው ቪዲዮ በዋጋ አሸነፈ ማለት ነው።

በመቶኛ መመዘንም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው በመቶኛው ብቻ እንመዝን» ማለት ሌላ ስህተት ነው። ቪዲዮ በረዘመ ቁጥር መቶኛው መውረዱ የተለመደ ነው። የ1 ደቂቃ ቪዲዮ 80 በመቶው ታየ ማለት 48 ሴኮንድ ነው፤ የቃለ ምልልሱ 15 በመቶ ደግሞ 6 ደቂቃ። ዝርዝር ማብራሪያ የሚፈልግ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ 48 ሴኮንዱ ላይበቃው ይችላል። ሾርትስ የሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎች ደግሞ እየተደጋገሙ ስለሚዞሩ መቶኛቸው ከ100 በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ቁጥር ከረጅም ቪዲዮ መቶኛ ጋር ሊነጻጸር አይገባም።

ትክክለኛው ሚዛን ተመጣጣኝ ርዝመት ያላቸውን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። የ40 ደቂቃው ቃለ ምልልስ 15 በመቶ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው የዚያው ቻናል ሌሎች የ35 እና የ45 ደቂቃ ዝግጅቶች ሲታዩ ነው። እነርሱ 10 በመቶ ከሆኑ 15ቱ ትልቅ ውጤት ነው፤ 25 ከሆኑ ግን ይህኛው ወድቋል። ዩቲዩብም የቆይታውን ግራፍ ሲያሳይ የቻናሉ ተቀራራቢ ርዝመት ያላቸው ቪዲዮዎች የተለመደ ውጤት የቱ ጋ እንደሆነ አብሮ ያመለክታል።

የአማካይ መውረድ ሁልጊዜ የክፉ ምልክት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አንድ የ20 ደቂቃ ዝግጅት 1,000 ጊዜ በነባር ተከታታዮች ብቻ እየታየ አማካዩ 8 ደቂቃ ነበር እንበል። ቀጣዩን ዝግጅት ዩቲዩብ ለማያውቁት ሰዎች አቀረበውና 5,000 ተጨማሪ ዕይታ መጣ። እንግዶቹ በአማካይ 4 ደቂቃ ቆዩ፤ ነባሮቹ ደግሞ ወደ 8 ደቂቃ ተኩል ከፍ አሉ። ጠቅላላው የታየው ጊዜ ከ8,000 ወደ 28,500 ደቂቃ አደገ። አማካዩ ግን ወደ 4 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ወረደ። የቡና ነጋዴዎች ይህንን ያውቁታል፤ የይርጋጨፌም የጅማም ቡና ዋጋ በጨመረበት ሳምንት፣ የጅማው ብዛት ከወትሮው ከበለጠ የጠቅላላው አማካይ የኪሎ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል።

በተመሳሳይ ምክንያት የአንድ ቻናል ጠቅላላ አማካይ ምንም አይነግርም ማለት ይቻላል። ሾርትስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 አጋማሽ ጀምሮ እስከ 3 ደቂቃ እንዲሆን ተፈቅዷል። ከመጋቢት 31 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አጭሩ ቪዲዮ መጫወት እንደጀመረ ዕይታ ተብሎ ይቆጠራል። የአንድ ሰዓት ድራማና የ30 ሴኮንድ ቅንጭብ በአንድነት የሚያወጣ ቻናል የሁለቱን አማካይ ደርቦ ቢያቀርብ፣ የተገኘው ቁጥር የድራማውም የቅንጭቡም አይደለም።

ስለዚህ ነጋዴው ውል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ያለበት የአማካዩን ሳይሆን የግራፉን ቅጂ ነው። ማስታወቂያው ከሚገባበት ደቂቃ በላይ መስመሩ ስንት በመቶ ላይ እንዳለ ያንብብ፤ ያንን በዕይታው ብዛት ያባዛው፤ ከዚያም ዋጋውን ያካፍል። ቻናሉ ከዚህ ቀደም የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ አስገብቶ ከሆነ፣ መስመሩ በዚያ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሎ እንደገና ከፍ ማለቱን ይመልከት። ያ ጉድጓድ ተመልካቹ ማስታወቂያውን ዘልሎ ማለፉን ያሳያል። ቁልቁል ወርዶ በዚያው ከቀረ ግን ተመልካቹ ከናካቴው ወጥቷል። ግራፉ ተሠርቶ እስኪወጣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚወስድና የጥቂት ሰዎች ዕይታም መስመሩን ስለሚያወላውለው፣ ትናንት የተለቀቀን ቪዲዮ ሳይሆን ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት የወጡ፣ ርዝመታቸው ተቀራራቢ የሆነ አምስት ስድስት ቪዲዮዎችን ግራፍ መጠየቅ ይሻላል።