«አዲጋ» እና «እርስዎ»፦ ከሐርጌሳ ለመጣ ምላሽ በምን ቋንቋ ይመለስ?

ከጅግጅጋ ሽንኩርት የሚልክ አንድ ነጋዴ፣ ሐርጌሳ ለሚገኝ ደንበኛው በአማርኛ እንዲህ ሲል ረቂቅ አዘጋጀ እንበል፦ «ለተከበሩ ደንበኛችን፣ ክፍያዎ እስካሁን ስላልደረሰን በአስቸኳይ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።» የደንበኛው ያለፉ ምላሾች ግን «ወላል፣ ዕቃው ገባ። አንተ መቼ ትመጣለህ?» የሚሉ ናቸው። «ወላል» በሶማልኛ ወንድም ወይም እህት ማለት ነው፤ ለማያውቁት ሰው ሳይቀር ይነገራል።

ይህን «አንተ» እንደ ንቀት መቁጠር ስህተት ነው። የሶማልኛው «አዲጋ» ለልጅም ለሽማግሌም ያገለግላል፤ አክብሮቱ የሚገለጠው እንደ «አዴር» (አጎት) ባሉ የዝምድና መጠሪያዎች ነው። እአአ በ1988 ሐርጌሳ ስትደበደብ ወደ ኢትዮጵያ ከተሰደዱት መካከል አማርኛን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገበያ የለመዱ አሉ። ከእነዚህ ሰዎች አፍ «እርስዎ» ባይወጣ አያስገርምም።

ረቂቁ እንዳለ ቢላክ ጉዳት አለው። ሲቀልድ የቆየ ሰው ድንገት «በአክብሮት እንጠይቃለን» ሲባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ክስ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው አንድ ደረጃ ይወርዳል፦ «ሰላም ወንድሜ። ሽንኩርቱ ደርሶሃል፣ ክፍያው ግን እስካሁን አልገባም። እስከ ሐሙስ ትልክልኛለህ?» ሰላምታው አጠረ፣ ማዕረጉ ቀረ። ቀኑና ጥያቄው ግን አልላሉም፤ የሚላላው አነጋገሩ እንጂ ሒሳቡ አይደለም።

በአማርኛ ይህ ለውጥ አንድ ቃል በመተካት አያልቅም። አክብሮቱ በግሱም፣ በባለቤትነት ቅጥያውም ይገኛል። «ደርሶሃል» ብሎ ጀምሮ «ክፍያዎን» ማለት ረቂቁ በጥድፊያ መቀየሩን ያጋልጣል፤ መጨረሻቸው የተለወጠውን ቃላት አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሌላም ችግር አለ፦ «እርስዎ» ጾታ አይለይም፣ «አንተ» እና «አንቺ» ግን ይለያሉ። የተቀባዩ ጾታ በእርግጠኝነት ካልታወቀ «እርስዎ»ን ይዞ ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ማሳጠር ይሻላል። ደንበኛው በዕድሜ የገፋ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌ «አንተ» ማለቱ ለወጣቱ ፈቃድ አይሆንም።

በተቃራኒው፣ ነጋዴው «ሰላም ወንድሜ» ብሎ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲጽፍ ቁጥር፣ ቀንና «ጉዳዩ» የሰፈረበት ደብዳቤ ቢመለስለት፣ ወደ ላይ መውጣቱ በአንድ ጊዜ መሆን አለበት። ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሶ፣ በ«እርስዎ» ወይም በመሥሪያ ቤቱ ስም ይጽፋል። አክብሮት ቢበዛ ቢያንስ ያስፈግጋል፣ ቢጎድል ግን ጉዳዩን መዝገብ ቤት ሊያስቀረው ይችላል።

አንድ ምላሽ ብቻ ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። አጭሩ መልስ መንገድ ላይ ከስልክ የተጻፈ፣ ጠንካራው ደብዳቤም ጸሐፊ ያዘጋጀውና ኃላፊው የፈረመበት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምላሽ እስኪመጣ፣ አጭር ነገር ግን «እርስዎ» ያለበት መልእክት በሁለቱም በኩል አያስቀይምም።