ሙቀት የማይሽረው ንክኪ

በምግብ ደኅንነት ትምህርት ክሮስ ኮንታሚኔሽን ወይም ተሻጋሪ ብክለት የሚባለው በዋነኛነት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከአንድ ምግብ፣ ዕቃ ወይም እጅ ወደ ሌላ ምግብ የሚተላለፉበት ሁኔታ ሲሆን፣ ክሮስ ኮንታክት ወይም ተሻጋሪ ንክኪ ደግሞ አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን ካለበት ምግብ ወደሌለበት ምግብ ሲሻገር የሚፈጠረው ነው። ጥሬ ዶሮ በተከተፈበት ጣውላ ላይ ሳይታጠብ ሰላጣ ቢከተፍ የመጀመሪያው ይደርሳል፤ ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት ድንች ቢጠበስ ሁለተኛው ይደርሳል። የመጀመሪያው ምግቡን የሚበላውን ሰው ሁሉ ሊያሳምም የሚችል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጎዳው አለርጂው ያለበትን ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያ ሰው ግን ጥቂት ፍንጣቂ እንኳ ጉሮሮን እስከማሳበጥና ትንፋሽ እስከማሳጠር ሊያደርስ ይችላል።

ሁለቱን በግልጽ የሚለያቸው ሙቀት ነው። በዶሮ ሥጋ ላይ የሚገኘው ሳልሞኔላ ሕያው ተሕዋስ በመሆኑ የሥጋው ውስጠኛ ክፍል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታል፤ ቅዝቃዜም መራባቱን ይገታዋል። አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን ግን ሕይወት የለውምና አይራባም፣ አይሞትምም። በሽሪምፕ ሥጋ ውስጥ ያለው ትሮፖማዮሲን የተባለው ፕሮቲን በተለይ ሙቀትን የሚቋቋም ስለሆነ፣ 175 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ዘይት ውስጥ ካለፈ በኋላም የአለርጂ ሕመምተኛው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እንደ ጠላት ይለየዋል። እርግጥ በሙቀት ቅርጻቸው የሚለወጥ ፕሮቲኖችም አሉ፤ የወተት አለርጂ ካለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ከዱቄት ጋር ተቦክቶ የተጋገረ ወተትን ሳይታመሙ ይበላሉ። ነገር ግን ይህ ከሰው ሰው የሚለያይና በሐኪም የሚረጋገጥ ጉዳይ ስለሆነ ምግብ አብሳይ ሊመካበት አይገባም።

በአሜሪካ ብሔራዊ የምግብ ቤቶች ማኅበር እንደሚሰጠው ሰርቭሴፍ ባሉ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናዎች የአለርጂ ጥያቄዎች የሚያነጣጥሩት በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ለአብነት ያህል፣ አንድ ተመጋቢ የሽሪምፕ አለርጂ እንዳለበት ተናግሮ የተጠበሰ ድንች ሲያዝ፣ አብሳዩ ድንቹን ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት ውስጥ እንደጨመረው የሚገልጽ ጥያቄ ቀርቦ ምን መደረግ አለበት ቢባል፣ ድንቹን ይበልጥ ማብሰል፣ የዘይቱን ሙቀት መጨመር፣ የሽሪምፑን ፍርፋሪ መልቀም፣ ወይም ድንቹን ጥሎ በሌላ መጥበሻና በንጹሕ ዘይት እንደገና መሥራት የሚሉ ምርጫዎች ሊከተሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈታኙ ሆን ብሎ ከተሕዋስያን ትምህርት የወሰዳቸው ማማለያዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱን ሐሳቦች የሚያደባልቅ ተፈታኝ የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው። ፍርፋሪውን መልቀምም ፕሮቲኑ በዘይቱ ስለተሰራጨ አይበጅም፤ ትክክለኛው የመጨረሻው ነው። የጥሬ ሽሪምፕ ውኃ ሰላጣ ላይ ቢንጠባጠብ ግን ብክለቱም ንክኪውም በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፤ እዚህ ላይ መልሱን የሚወስነው ጥያቄው ስለ ተመጋቢው ምን እንዳለ ነው፤ አለርጂ ከተጠቀሰ የሚፈለገው ንክኪው ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ይኸው ነገር በጭልፋ በኩል ይመጣል። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው የጾም ምስር ወጥ ቢያዝና አስተናጋጁ ንጥር ቅቤ ከገባበት ዶሮ ወጥ ባወጣው ጭልፋ ምስሩን ቢጨልፍ፣ ጾሙ የፈረሰው ያህል የምግቡም ደኅንነት ፈርሷል። ቅቤው ሲነጠር አብዛኛው የወተት ፕሮቲን በአረፋና በዝቃጭ ቢወገድም ጥቂቱ ይቀራል፤ ኬዚን የተባለው ዋናው የወተት ፕሮቲንም ሙቀትን ስለሚቋቋም ድስቱን ዳግም ማንተክተክ አይጠቅምም። በዶሮ ወጡ ውስጥ ያለው እንቁላልም በዚያው ጭልፋ ሊሻገር የሚችል ሌላ አለርጂ ቀስቃሽ ነው።

ጭልፋውን ተሕዋስ በሚገድል ፈሳሽ በተነከረ ጨርቅ መወልወልም መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱም ፈሳሹ የተሠራው ለመግደል እንጂ ፕሮቲንን ጠርጎ ለማንሣት አይደለምና። ፕሮቲኑን የሚያነሣው በሳሙናና በሙቅ ውኃ መፈተግና በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ሲሆን፣ የተሕዋስ መግደያው ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ በእጅ ላይ አሳይቷል፤ የኦቾሎኒ ቅቤ በተቀቡ እጆች ላይ ፈሳሽም ሆነ ደረቅ ሳሙና ዋነኛውን የኦቾሎኒ አለርጂ ቀስቃሽ ሲያስወግድ፣ ባዶ ውኃና የእጅ ሳኒታይዘር ግን በአንዳንዶቹ እጆች ላይ ቅሪት ትተዋል። ስለዚህ ፈተናው አብሳዩ የአለርጂ ትእዛዝ ከመንካቱ በፊት ምን ያድርግ ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው መልስ እጅ መታጠብና ጓንት መቀየር ነው፤ ሳኒታይዘር ብቻውን የሚል ምርጫ የሚቀርበው ሊያሳስት ነው።