15 በመቶው ብርን ለምን አላነሣውም?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ አለ፤ ሐምሌ 22 ደግሞ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በባሕር ዳር የባንክ ቅርንጫፎችም ያን ዕለት ወደ 75 ተጠጋ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥም ከ100 አለፈ። በዚያው ሳምንት፣ ሐምሌ 24፣ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ብቻ ከፍ አደረገ። እዚያ ግን ከ150 ዬን በላይ የነበረው ዶላር ሐምሌ 29 ወደ 142 ወረደ። ሩብ በመቶ ዬንን ሲያነሣ 15 በመቶ ብርን ያላነሣው ለምንድን ነው?

ታና ዳር ሱቅ ያለው ሰው፣ ሜሪላንድ ያለች እህቱ 1,000 ዶላር ላከችለት እንበል። ለአንድ ዓመት አይነካውም፤ በዶላርም በብርም ማስቀመጥ ይችላል። ዶላር 5 በመቶ፣ ብር 15 በመቶ ይወልዳል፤ ምንዛሪው 100 ነው። በዶላር ካቆየው 1,050 ዶላር ይሆንለታል። በብር ካስቀመጠው 115,000 ብር ያገኛል። ሁለቱ የሚተካከሉት ከዓመት በኋላ ዶላር 109.5 ብር ከሆነ ነው። ከዚያ ያነሰ ይሆናል ብሎ ካመነ ዶላሩን ሸጦ ብር ይገዛል፤ ብዙ ሰው እንደሱ ካደረገ ትርፉ እስኪጠፋ ድረስ ብር ይጠነክራል። ያልተሸፈነ የወለድ እኩልነት የሚባለው ይኸው ነው። ያልተሸፈነ የተባለው የከርሞውን ምንዛሪ ዛሬ በውል ያሰረ ስለሌለ ነው። እንግዲህ ከፍ ያለ ወለድ ብሩ ይወርዳል ተብሎ ለሚጠበቀው ካሣ ነው።

አሁን የብር ወለድ 20 በመቶ ይግባ፤ ሰው ግን ከርሞ 109.5 ነው ብሎ እንደጠበቀ ነው። በ100 መንዝሮ ያስቀመጠ 120,000 ብር ያገኛል፣ ያም ወደ 1,096 ዶላር ነው። ከ1,050 ይበልጣልና ሁሉም ወደ ብር ይሮጣል። ሩጫው የሚቆመው ዶላር ወደ 96 ብር ሲወርድ ነው። ወለድ ሲጨምር ምንዛሪው የሚጠነክረው በዚህ መንገድ ነው። ልብ በሉ፣ ብሩ የሚነሣው ዛሬ በአንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከ96 ወደ 109.5 እየወረደ ይሄዳል። ጭማሪው ግን የዋጋ ንረት መባባሱን የሚያሳብቅ ዜና ተደርጎ ከተወሰደና ሰው የከርሞውን 125 ነው ብሎ ከጠበቀ፣ ያው 20 በመቶ እያለ ዶላር ዛሬውኑ 109 ይገባል።

ሩዲገር ዶርንቡሽ በ1976 እ.ኤ.አ. በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ የሸቀጥ ዋጋ ዘገምተኛ ነው፣ ምንዛሪ ግን ፈጣን ነው አለ። የሁለቱም ገንዘብ ወለድ 5 በመቶ፣ ዶላር 100 ብር ነው እንበል። ማዕከላዊ ባንኩ የገንዘቡን መጠን በ10 በመቶ ቢያሳድግ ውሎ አድሮ ዋጋ ሁሉ በ10 በመቶ ይጨምራል፣ ዶላርም 110 ይሆናል። የጤፍ ዋጋና የሱቅ ኪራይ ግን በአንድ ቀን አይቀየሩም። ገንዘብ በዝቶ ዋጋ ባለበት ሲቆይ ወለድ ለጊዜው ይወርዳል፤ ለአንድ ዓመት 2 በመቶ ይሁን። 5 በመቶ የሚወልድ ዶላር እያለ 2 በመቶ የሚወልድ ብር የሚይዝ ሰው የቀረችውን 3 በመቶ ከምንዛሪው ማግኘት አለበት፤ ብር ወደፊት መጠንከር አለበት ማለት ነው። እንዲጠነክር ደግሞ መጀመሪያ ከ110 አልፎ መውደቅ ግድ ይለዋል። ስለዚህ ዶላር ዛሬ 113 ይዘላል፣ ከዚያ ወደ 110 ይመለሳል። ይህ ከልክ ያለፈ ዝላይ ገበያው ስላበደ የመጣ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሒሳቡን አስተካክሎ ቢሠራም ይከሰታል። ገንዘብ ሲጠብቅ ዝላዩ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሆናል።

ዬንን ያነሣው ግን ወለዱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ደካማ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ ወጣ፤ በርካሽ ዬን ተበድረው ሌላ ቦታ ያዋሉ ሰዎችም ዕዳቸውን ለመክፈል ዬን ሊገዙ ተሻሙ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ማትረፋቸው በራሱ እኩልነቱ በተግባር ብዙ ጊዜ እንደማይሠራ ያሳያል።

ወደ ብር እንመለስ። 15 በመቶው ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚሠራበት ምጣኔ እንጂ ባለሱቁ በደብተሩ የሚያገኘው አይደለም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ወለል 7 በመቶ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ። የውጭ ባለሀብትም እንደልቡ ዶላር አምጥቶ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ ገዝቶ፣ ትርፉን ይዞ መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ብርን የሚያነሣው ሩጫ የሚጀመርበት በር አልተከፈተም። የሚጠበቀው ምንዛሪም ቢሆን በጥቁር ገበያ ቀድሞ ይታይ ነበር፤ እዚያ ዶላር ከ100 በላይ ይሸጥ ነበርና። በሐምሌ 21 ለባለሱቁ ያን ሒሳብ ብንሠራለት፣ 7 በመቶ የሚወልድ ብር 5 በመቶ ከሚወልድ ዶላር ጋር የሚተካከለው 57 ብር የነበረው ዶላር በዓመቱ 58 ብር ገደማ ላይ ከቆመ ብቻ ነበር።