ከመጨረሻው ፈተና ወደ መጀመሪያው ቀን፦ በሶፍ ዑመር ዋሻ ላይ የተነደፈ የሁለት ሳምንት ትምህርት

ከኋላ የሚጀምር ዕቅድ የሚባለው፣ መምህሩ የዕለቱን ትምህርት ከመጻፉ በፊት ተማሪው በመጨረሻው ቀን ምን ሠርቶ እንደሚያሳይ አስቀድሞ የሚወስንበት አሠራር ነው። የተለመደው ከዚህ ተቃራኒ ነው። መጽሐፉ ይገለጣል፣ ገጾቹ ለቀናት ይከፋፈላሉ፣ ፈተናው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ ከተማሩት ውስጥ ይለቀማል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ፈተና የሚለካው ተማሪው የሰማውን ማስታወሱን ነው፤ በሰማው ነገር አዲስ ጥያቄ መመለስ መቻሉን አይለካም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ ትምህርት በግብ እንዲነደፍ፣ ምዘናውም ያንኑ ግብ እንዲለካ ጽፏል። ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን ለክፍል መምህር የሚሆን ሦስት ደረጃ ሰጡት፦ መጀመሪያ የሚፈለገው ውጤት፣ ቀጥሎ ውጤቱ መገኘቱን የሚያሳይ ማስረጃ፣ በመጨረሻ የየቀኑ ትምህርት። ሁለቱ ጸሐፊዎች በመምህራን ዘንድ ተደጋግመው አገኘናቸው ያሏቸው ጥፋቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ልጆቹ የሚወዱትን ሥራ ለምን እንደሚሠሩት ሳይታወቅ መደርደር ነው። ሁለተኛው መጽሐፉን ለመጨረስ ብቻ መሮጥ ነው።

ሁለተኛውን የኢትዮጵያ መምህር ጠንቅቆ ያውቀዋል። በዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ቅጽ ላይ ዓላማው ከላይ፣ ምዘናው ከታች ነው የሚሰፍረው። ብዙ ጊዜም የታችኛው ሣጥን የሚሞላው በመጨረሻ ነው፤ «ጥያቄ በመጠየቅ» ተብሎ ይታለፋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባ ጊዜ የትምህርቱ ቅደም ተከተልና ፍጥነት ከመምህሩ እጅ ጨርሶ ወጣ። ስርጭቱ ተማሪው ተረዳም አልተረዳም በሰዓቱ ይቀጥል ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይቀርባል። መጽሐፍ መጨረስና ማስተማር እንደ አንድ ነገር መቆጠራቸው ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።

በባሌ ለዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማረች አንዲት መምህርት ነገሩን እንዲህ ትገልጸዋለች፦ «መጽሐፉን የት አደረስሽው ተብዬ በየወሩ እጠየቃለሁ። ልጆቹ ምን ቻሉ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።» መምህር የምዕራፍን ቅደም ተከተል በራሱ ማዛወር ይችል እንደሆነ የተጠየቁ አንድ የትምህርት ኃላፊ በበኩላቸው ደብዳቤ እንዲቀርብ አዘዙ፤ ደብዳቤው ከቀረበ በኋላም መልስ አልሰጡም።

አሠራሩን በተግባር ለማየት በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው ካሉ ርዕሶች ሶፍ ዑመርን የሚተካከል የለም። ለምሳሌው የተወሰደው የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ነው፤ በሳምንት አራት፣ በሁለት ሳምንት ስምንት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ከፊት የሚያቅድ መምህር በአብዛኛው የሚጀምረው በጉዞ ነው። አውቶቡስ ይከራያል፣ በጎሮ በኩል ወደ ዋሻው ይወርዳል፣ ልጆቹም ምሰሶዎቹን አይተው ተደንቀው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው «ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል፣ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም ይጠራል» የሚል ማስታወሻ ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ ዋሻው ለምን እዚያ እንደተገኘ ግን አይናገርም።

ከኋላ የሚጀምር መምህር በቅድሚያ የሚጽፈው የስምንተኛውን ክፍለ ጊዜ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ሲጻፍ መታየት ያለበት ተማሪው ሳይረዳ ሊሰጠው የሚችለው ቀላል መልስ የትኛው ነው የሚለው ነው። ለሶፍ ዑመር ቀላሉ መልስ «ወንዙ ኃይለኛ ስለሆነ ድንጋዩን ቦርቡሮ ወጣ» የሚል ነው። «ሶፍ ዑመር እንዴት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ይህን መልስ ግማሽ ነጥብ ሰጥቶ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላሉ መልስ የማያወጣው ሆኖ መቀረጽ አለበት።

የሚያስፈልገው ማነጻጸሪያ በዚያው ወንዝ ላይኛው ክፍል አለ። ወይብ የሚነሣው ከባሌ ተራሮች ነው፤ በላይኛው ሸለቆው በፍንጫ ሀበራ ፏፏቴ ይወረወራል። በአካባቢው 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፍንጫ ሀበራ የተባለ የድንጋይ መጠለያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት መሠረት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት ገደማ በፊት አዳኞች ተቀምጠውበታል፤ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እያደኑ ይበሉ ነበር። የዚህ ቦታ ድንጋይ ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሶፍ ዑመር ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች፣ ወንዙ የላዩን ድንጋይ ቆርጦ የኖራ ድንጋይ ላይ በደረሰበት ቦታ ይገኛል። ሁለቱም በተራ ንግግር ዋሻ ይባላሉ። የመጨረሻው ጥያቄም ይህን ይይዛል፦ «ወይብ ይበልጥ የሚወረወረው በላይኛው ሸለቆ ነው። በኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ዋሻ ግን የተገኘው በታች ነው። ለምን? መልስህን በድንጋዮቹና በወንዙ የጎን ሥዕል አስረዳ።» ለተማሪው ስማቸው ያልተጻፈባቸው ሁለት ድንጋዮች፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂና ወንዙ ከተራራ እስከ ሶፍ ዑመር የሚወርድበትን የጎን ሥዕል ይሰጡታል።

አሁን «ኃይለኛ ስለሆነ» የሚለው መልስ ራሱን ያፈርሳል፤ ምክንያቱ ጉልበት ቢሆን ኖሮ ትልቁ ዋሻ ከላይ ይሆን ነበርና።

ከጥያቄው ቀጥሎ የነጥብ አሰጣጡ ይወሰናል፤ ይህም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነው። ከ20 ነጥብ ድንጋዮቹን በምርመራ ለመለየት 4፣ የኖራ ድንጋይ ለምን እንደሚሟሟ ለማስረዳት 8፣ የጎን ሥዕሉን በማስረጃነት ለመጠቀም 8 ይሰጣል። የቁጥሮቹ ድርሻ የቀናቱንም ድርሻ ያመለክታል። ለ4 ነጥብ ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ ለ8 ነጥብ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ዕቅድ ሚዛኑን ስቷል።

ከዚህ በኋላ ቀናቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቆጠራሉ። ስምንተኛው የምዘናው ነው። በእርሱ ላይ በጽሑፍ መከራከር የሚጠበቅ ከሆነ፣ ተማሪው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሞክሮ እርማት ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ ሰባተኛው በሌላ ምናባዊ ወንዝ ላይ የሚደረግ ልምምድ ይሆናል። ልምምዱ የጎን ሥዕል ማንበብ ስለሚጠይቅ አምስተኛውና ስድስተኛው የሥዕሉ ናቸው፤ ከፍታው በየት ይወርዳል፣ የድንጋዩ ዓይነት በየት ይለወጣል፣ የድንጋዩ ስንጥቆች ውኃውን እንዴት ይመራሉ። የሶፍ ዑመር መተላለፊያዎች እንደ መረብ የተጠላለፉት ውኃው በስንጥቆቹ ተከፋፍሎ በመግባቱ ነው። ጉዞ ከተገኘ ቦታው በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ቅዳሜ ነው። ያኔ ተማሪው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ስንጥቆቹ ወደየት እንደሚሄዱ ይነድፋል። ቦታው ሰዎች ለጸሎትና ለዝየራ የሚሄዱበት ስለሆነ ድንጋይ መስበር አይፈቀድም፤ ናሙና የሚሰበሰበው ከመንገድ ዳር ነው።

ሥዕሉ ትርጉም የሚኖረው መሟሟት ለገባው ሰው ስለሆነ ሦስተኛውና አራተኛው ለምክንያቱ ይውላሉ። ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ከሥሮችና ከብስባሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ውኃ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወስደዋል፦

CaCO3 + H2O + CO2 → Ca(HCO3)2

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት የምርመራ ናቸው። ሎሚ የኖራ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ አረፋ ያወጣል፤ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ግን ዝም ይላል። እዚህ ላይ ትምህርቱን የሚያበላሹ ሁለት ትናንሽ ነገሮች አሉ። የሎሚ አሲድ ደካማ ስለሆነ ባልተፋቀ የድንጋይ ገጽ ላይ አረፋው ላይታይ ይችላል፤ ድንጋዩን በምስማር ፍቆ በዱቄቱ ላይ ማንጠባጠብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቾክ ነው። ብዙ መምህር ለማሳያ የሚያነሣው ቾክ አብዛኛውን ጊዜ ከጂፕሰም የተሠራ በመሆኑ አረፋ አያወጣም፤ ተማሪውም የተነገረው ሁሉ ውሸት ይመስለዋል። የእንቁላል ቅርፊት ግን በሎሚም በአቼቶም ይሠራል።

የዕቅዱ መታጠፊያ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተማሪዎቹ በብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ «በጣም ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃ ዋሻ ሊሠራ ይችላል? ለምን?» ወረቀቱ አይታረምም፤ በሁለት ክምር ብቻ ይለያል፣ መሟሟትን የጠቀሱና ጉልበትን የጠቀሱ። የጉልበቱ ክምር ከክፍሉ ሲሶ በላይ ከሆነ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ሥዕሉ አይሄድም፤ ምርመራው በሌላ መልክ ይደገማል፣ ሥዕሉም ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ ይጠብባል። ስድስተኛው ለዚህ ሲባል ቀለል ተደርጎ ተይዟል። መጠባበቂያ የሌለው የሁለት ሳምንት ዕቅድ በመጀመሪያው ስብሰባ ወይም በመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ ይፈርሳል።

«ሲሶው ክምር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳፍረኝ መስሎኝ ነበር» ትላለች ያችው መምህርት። «አሁን ግን ፈተናው ላይ ከማየው አራተኛው ቀን ላይ ባየው ይሻለኛል። ፈተናው ላይ ባየውማ ምን አደርገዋለሁ? ቀይ ነጥብ ከመጻፍ ሌላ።»

በባሌ ሁለተኛ ደረጃ ይህን ዕቅድ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። ልጆቹ አንደኛ ደረጃን በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ተምረው ዘጠነኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ ይገጥማቸዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ በእንግሊዝኛ አንቀጽ ለመጻፍ ሲቸገር ከ20 ውስጥ 6 ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ውጤት ስለ ዋሻው እውቀቱ የሚነግረን የለም። የነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ጉዳዩ በጊዜ ይታያል። ምክንያቱን የሚለኩት ነጥቦች በቀስት በተሰየመ ሥዕል፣ ወይም ተማሪው በሚናገረው ቋንቋ በቃል በሚሰጥ ማብራሪያ ሊሰጡ ይችላሉ።

ምዘናው ከታረመ በኋላ የሚታየው የጠቅላላው አማካይ ሳይሆን የሦስቱ መስፈርቶች ውጤት ነው። አብዛኛው ክፍል ድንጋዮቹን ለይቶ ምክንያቱን አስረድቶ ሥዕሉ ላይ ከወደቀ፣ የጎደለው አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የጎን ሥዕሉ ከምርመራው ጋር በሁለተኛው ቀን ይተዋወቃል። የወደቀው ምክንያቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው፤ የአራተኛው ቀን ወረቀት ካልያዘው ራሱ ያ ጥያቄ እንደገና ይጻፋል። ሁሉም በመጨረሻው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ካገኙ መምህሩ መጀመሪያ የሚመረምረው ጥያቄው በሰባተኛው ቀን ከተለማመዱት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ነው።