ግማሽ ዲግሪ የሚዘለው ቴርሞሜትር

የተማሪው ሪፖርት መደምደሚያ «ሴንሰሩ ጥሩ አይደለም» ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ምንም ባልነገረን ነበር። ክፍሉ ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ24.4 ወደ 24.9 እየዘለለ ይመለሳል። ተማሪው ግን የዝላዩን መጠን ልብ አለ፤ ሁልጊዜ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ኤልኤም35 የተባለው ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። አርዱዊኖ ኡኖ ደግሞ 5 ቮልቱን በ1024 ደረጃ ስለሚከፍል አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ያህል ነው። በሽቦው የገባ ትንሽ የኤሌክትሪክ ረብሻ ንባቡን አንድ ደረጃ ከገፋው፣ ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ የተለወጠ ይመስላል።

ማመሳከሪያው ከ5 ቮልት ወደ ቺፑ ውስጣዊ 1.1 ቮልት ሲቀየር ዝላዩ ወደ 0.1 ዲግሪ ገደማ ወረደ፤ የቀረውን የብዙ ንባቦች አማካይ አረጋጋው። አማካይ ግን ወዲያና ወዲህ የሚዘለውን እንጂ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለውን ስህተት አያርምም። ያ 1.1 ቮልት ራሱ ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ፣ መሣሪያው በታመነ ቴርሞሜትር መመሳከር ይቀረዋል።